ቡናው ሲኮመጥጥና ሲመር፦ የአፈጫጨት ልክና የጣዕም ማስተካከያ

ከተቆላ ቡና ክብደት ውስጥ በውሃ ሊሟሟ የሚችለው ወደ 30 በመቶ የሚጠጋው ብቻ ነው። የቀረው እንጨት መሰል የፍሬው አካል በመሆኑ ምንም ያህል ቢፈላ አተላ ሆኖ ይቀራል። ሊሟሟ የሚችለውም ቢሆን ሁሉም ወደ ስኒ እንዲገባ አይፈለግም። አሜሪካዊው ኬሚስት ኧርነስት ሎክሃርት በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባካሄደው ጥናት፣ ከደረቁ ቡና ክብደት ከ18 እስከ 22 በመቶው ወደ ውሃው ሲገባ ብዙ ጠጪ የሚወደው ጣዕም እንደሚገኝ አመለከተ። ቁጥሩ ሁሉንም ምላስ የሚያስማማ ሕግ አይደለም፤ ሆኖም የቡና ባለሙያዎች እስከ ዛሬ መነሻ አድርገው ይጠቀሙበታል። ከዚህ ልክ በታች የቀረ ቡና ይኮመጥጣል፣ ከልኩ ያለፈ ደግሞ ይመራል።

ይህ የሚሆነው በቡናው ውስጥ ያሉት ነገሮች እኩል ስለማይሟሙ ነው። ሙቅ ውሃ የተፈጨ ቡና ሲነካ ቀድመው የሚወጡት ኮምጣጣነትን የሚሰጡት አሲዶችና ቶሎ የሚተኑት መዓዛዎች ናቸው። ቀጥሎ ጣፋጭነትና ወፈር ያለ ስሜት የሚሰጡት ይመጣሉ። ቡናው ሲቆላ የሚፈጠሩት ከበድ ያሉ መራራ ነገሮችና አፍ የሚያደርቁት ደግሞ ዘግይተው ይወጣሉ። ካፌይን መራራ ቢሆንም ከቡናው መራራነት ውስጥ ያለው ድርሻ ትንሽ ነው፤ በዚያ ላይ ከቀዳሚዎቹ ጋር አብሮ ስለሚወጣ ቡናን ቶሎ አጥልሎ ማንሳት ካፌይኑን ብዙም አይቀንሰውም። ውሃው ከቡናው ጋር የቆየው አጭር ጊዜ ከሆነ ስኒው ውስጥ የሚገባው በአብዛኛው የመጀመሪያው ክፍል ነው፤ ኮምጣጣ፣ ቀጭንና ከጉሮሮ ሳይወርድ የሚጠፋ ጣዕም ይሆናል። ከልክ በላይ ከቆየ ደግሞ የመጨረሻው ክፍል ጣፋጩን ይሸፍነዋል።

ይህንን ሂደት ለማፍጠንም ለማዘግየትም ከሁሉ የበለጠ አቅም ያለው የአፈጫጨቱ ልክ ነው። አንድ የቡና ቅንጣት በቁመቱም በወርዱም በጥልቀቱም በግማሽ ቢያንስ ከአንዱ ስምንት ቅንጣቶች ይወጣሉ፤ ውሃ የሚነካው ገጽም በድምሩ እጥፍ ይሆናል። ውሃው ወደ ቅንጣቱ መሃል ለመድረስ የሚጓዘው መንገድም ያጥራል። ስለዚህ የላመ ቡና ያለውን ቶሎ ይሰጣል፣ ሸካራው ያዘገያል። ውሃ በቡናው ውስጥ እያለፈ በሚወርድበት አፈላል ላይ ሌላም ነገር ይጨመራል፦ የላመ ቡና ጠቅጠቅ ብሎ ስለሚተኛ ውሃውን ያዘገየዋል። በዚህ ዓይነቱ አፈላል ልመትን መለወጥ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር መለወጥ ነው፤ ትንሽ ንክኪ ትልቅ ለውጥ የሚያመጣውም ለዚህ ነው።

ለየአፈላሉ የሚሆነው ልክ

የቅንጣትን መጠን በዓይን ለመገመት የገበታ ጨው ጥሩ መለኪያ ነው። የተለመደው ደቃቅ ጨው ከ0.3 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ኤስፕሬሶ ከዚህ ጨው ጋር የሚቀራረብ ወይም ላም ያለ ቡና ይፈልጋል። ከታች ውሃ ፈልቶ በእንፋሎት ግፊት ወደ ላይ በሚወጣበት ሞካ የሚባለው የጣሊያን ማፍያ ላይ ትንሽ ሸካራ ማድረግ ይሻላል። ሱቅ ውስጥ ለኤስፕሬሶ ተብሎ የተፈጨ ቡና በሞካ ብዙ ጊዜ የሚመረው ከልክ በላይ ስለላመ ነው። በወረቀት ማጥለያ ላይ ውሃ እየተንቆረቆረ ለሚፈላ ቡና ከ0.5 እስከ 0.9 ሚሊ ሜትር ይስማማል። ፍሬንች ፕሬስ ወደ 1 ሚሊ ሜትር የተጠጋ፣ በጣት ሲታሽ በግልጽ የሚሻክር ቡና ይወዳል። በቀዝቃዛ ውሃ ከ12 እስከ 18 ሰዓት ተዘፍዝፎ ለሚቆይ ቡናም ሸካራው ይመረጣል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ቀስ ብሎ ስለሚያወጣ ጊዜው ሥራውን ይሠራለታል። በሌላው ጫፍ ላይ ያለው የቱርክ ቡና ነው፤ እሱ ሳይጠለል ከነአተላው ስለሚቀዳ እንደ ዱቄት መላም አለበት።

ከእነዚህ ቁጥሮች በስተጀርባ ያለው ሐሳብ አንድ ነው። ውሃው ከቡናው ጋር የሚቆይበት ጊዜ ባጠረ ቁጥር ቡናው መላም አለበት። ኤስፕሬሶ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይሞላም፣ በወረቀት የሚጠለለው ሦስት ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፣ ፍሬንች ፕሬስ ከአራት ደቂቃ ይጀምራል።

ጀበና ለዚህ ሥርዓት ሙሉ በሙሉ አይገዛም። ቡናው በሙቀጫ ተወቅጦ በአንገቱ ይጨመራል፣ ይፈላል፣ ይገነፍላል፣ ከእሳት ወርዶ ይሰክናል። ጊዜው ረጅም፣ ልመቱ ደግሞ ድብልቅ ነው፤ ከዘነዘና ስር ዱቄት መሳዩም ፍንካቹም አንድ ላይ ይወጣል። በወረቀት ማጥለያ ላይ ችግር የሚሆነው ይህ ድብልቅነት በጀበና ላይ እምብዛም አይጎዳም፤ መፍላቱ ሸካራውን ስለሚደርስበት፣ መስከኑ ደግሞ ዱቄቱን ከታች ስለሚያስቀረው ነው። ችግር የሚመጣው ቡናው ከልክ በላይ ሲላም ነው፤ አይሰክንም፣ ስኒው ይደፈርሳል፣ አንዳንዱ ቤት ጀበናው አፍ ላይ የሚወተፈው የፈረስ ጭራ እንኳ አያስቆመውም። በጣም ፍንካች ከሆነ ደግሞ አቦሉ ይቀጥንና ያልወጣው ጣዕም ለቶናው ይተርፋል። አቦል፣ ቶናና በረካ ራሳቸው ከአንድ ቡና ጣዕም በየተራ እንዴት እንደሚሟጠጥ በየቤቱ የሚያሳዩ ናቸው፤ ከሚሟሟው አብዛኛው በአቦል ይሄዳል፣ በረካ የሚቀዳው ከተረፈው ነው።

ኮምጣጣውን ከመራራው መለየት

ማስተካከል የሚጀምረው ከመቅመስ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። ኮምጣጣና መራራ በወሬ የተራራቁ ይመስላሉ፤ ትኩስ ቡና አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ሁለቱም ፊት ያስቋጥራሉ፣ በአንድ ቃል «ጎመዘዘኝ» ይባላሉ። ስለዚህ ቡናው ትንሽ እስኪበርድ መጠበቅ ይበጃል፤ በጣም ትኩስ ሆኖ ሳለ ምላስ ጣዕሞቹን በደንብ አይለያቸውም። ኮምጣጣነት ምራቅ ያመጣል፣ ቶሎ ይጠፋል። መራራነት ከተዋጠም በኋላ ይቆያል፤ ከልክ በላይ በወጣ ቡና ላይ ምላስና ድድን የማድረቅ ስሜትም ይከተለዋል።

እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ቡና ለብቻው መታየት አለበት። የይርጋጨፌና የሲዳማ የታጠበ ቡና በተፈጥሮው የሎሚና የአበባ ቃና ያለው፣ ኮምጠጥ የሚል ነው፤ ገዢው ከፍ ያለ ዋጋ የሚከፍለውም ለዚህ ነው። ይህን ኮምጣጣነት እንደ ጥፋት ቆጥሮ እስኪጠፋ ድረስ ቡናውን ማላም ገንዘብን መድፋት ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው በሚከተለው ጣዕም ነው። ጥሩው ኮምጣጣነት ከኋላው ጣፋጭነት አለው፣ አፍን ይሞላል። ሳይወጣ የቀረው ቡና ኮምጣጣነት ግን ባዶ ነው፤ ከስለቱ በኋላ ውሃ ውሃ ይላል፣ አንዳንዴም ጨው ጨው ይላል።

ሌላው ስሕተት ጥንካሬንና መራራነትን አንድ ማድረግ ነው። የቡና መቅጠንና መወፈር በዋናነት የሚወሰነው በቡናውና በውሃው መጠን ነው፤ መኮምጠጥና መምረር ደግሞ ከእያንዳንዱ ቅንጣት ምን ያህል እንደወጣ ይናገራል። አንድ ቡና ወፍራምም ኮምጣጣም፣ ቀጭንም መራራም ሊሆን ይችላል። «ቀጠነ» ተብሎ ቡና ሲጨመር ኮምጣጣነቱ የሚብሰው ለዚህ ነው፤ ያው ውሃ ለብዙ ቡና ሲካፈል ከእያንዳንዱ ቅንጣት የሚወጣው ይቀንሳል። ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። መራራ በሆነው ስኒ ላይ ጥቂት ሙቅ ውሃ ተጨምሮ ይቀመሳል። መራራነቱ ለዝቦ ጣፋጭ ነገር ብቅ ካለ ቡናው ወፍሮ ነበር እንጂ ጥፋት የለበትም፤ በሚቀጥለው ጊዜ የቡናውን መጠን መቀነስ ይበቃል። ቀጥኖም የሚመርና አፍ የሚያደርቅ ከሆነ ግን ከልክ በላይ ወጥቷልና የሚነካው ወፍጮው ነው።

አንድ ቡና በወረቀት ማጥለያ ላይ

ማስተካከሉ በተግባር እንዴት እንደሚሄድ ለማየት የታጠበ የይርጋጨፌ ቡና፣ ቀለል ተደርጎ የተቆላ፣ በጥርሱ በሚፈጭ የእጅ ወፍጮና በሾጣጣ ወረቀት ማጥለያ አዲስ አበባ ውስጥ ሲፈላ እንውሰድ። መነሻው 15 ግራም ቡናና 250 ግራም ውሃ ነው። ሚዛን የሌለው ሰው በማንኪያም ቢሆን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ልኬት መያዝ አለበት፤ መጠኑ በየቀኑ ከተለያየ ጣዕሙ የሚናገረውን ማመን አይቻልም። መጀመሪያ ወረቀቱና ማጥለያው በፈላ ውሃ ይታጠባሉ፤ የወረቀት ጣዕም ይሄዳል፣ ዕቃውም ይሞቃል። ከዚያ 45 ግራም ያህል ውሃ ቡናውን እስኪያርስ ድረስ ይፈስበታል። ቅርብ ጊዜ የተቆላ ቡና በውስጡ የያዘውን ጋዝ እየለቀቀ ይነፋል። ከ30 እስከ 45 ሴኮንድ ተጠብቆ ቀሪው ውሃ በዝግታ፣ በሁለትና በሦስት ጊዜ ይጨመራል።

የመጀመሪያው ስኒ ተንጠፍጥፎ ያለቀው በ1 ደቂቃ ከ55 ሴኮንድ ነው እንበል። ሲቀመስ ስለታም፣ ቀጭን፣ ባዶ ነው፤ አበባው በአፍንጫ ይሸታል፣ በአፍ ግን የለም። ጊዜውም ጣዕሙም አንድ ነገር ይላሉ፤ ውሃው ሮጦ አልፏል። ወፍጮው ሁለት ወይም ሦስት ደረጃ ወደ ልመት ይዞራል፤ ሌላ ምንም አይነካም፤ የቡናው መጠን፣ ውሃው፣ የአፈሳሰሱ ሁኔታ እንደነበሩ ይቆያሉ። ሁለተኛው 2 ደቂቃ ከ35 ሴኮንድ ይወስዳል። ስለቱ ቀንሷል፣ ጣፋጭነት ጀምሯል፤ ጭራው ግን አሁንም አጭር ነው። ሁለት ደረጃ ሲጨመርበት ጊዜው ወደ 3 ደቂቃ ከ10 ሴኮንድ ይደርሳል። አሁን ሎሚው ከማር መሰል ጣፋጭነት ጋር ይመጣል፣ ቡናው ሲበርድም አይበላሽም። በርዶ የሚጥም ቡና በልኩ የወጣ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው።

ብዙዎች እዚህ አይቆሙም፣ «ትንሽ ቢላም ደግሞ ይበልጥ ይሻል ይሆናል» ይላሉ። መሞከሩ ክፋት የለውም፤ ወሰኑ የሚታወቀው ሲታለፍ ነው። ሁለት ደረጃ ተጨምሮ ቡናው 4 ደቂቃ ሲጠጋ በማጥለያው ላይ ያለው አተላ ጭቃ ይመስላል፣ የመጨረሻው ውሃ ጠብ ጠብ እያለ ይወርዳል። ስኒው ውስጥ አበባው ጠፍቶ መራራነትና የምላስ መድረቅ ተተክቷል። ሁለቱ ደረጃ ይመለሳል፣ ያ ቡና በዚያ ወፍጮ ላይ የሚፈጭበት ቁጥር በከረጢቱ ላይ ይጻፋል፤ ከረጢቱ እስኪያልቅ ድረስ ዳግም መፈለግ የለም።

ይኸው ቁጥር ግን ለሌላ ከተማ ላያገለግል ይችላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው፤ የመፍያው ሙቀት በየ300 ሜትሩ ከፍታ ወደ 1 ዲግሪ ይወርዳል። በብዙ የውጭ መመሪያዎች ላይ «ውሃው ከፈላ በኋላ ትንሽ ይቀዝቅዝ» የሚለው ምክር የተጻፈው ውሃቸው በ100 ዲግሪ ለሚፈላ ሰዎች ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህን ምክር መከተል ቡናን ማኮምጠጥ ነው፤ ውሃው ገና ሳይቀዝቅዝም ከሚፈለገው የሙቀት ወሰን በታችኛው ጫፍ ላይ ነው ያለው፣ የሸክላ ማጥለያ ሳይሞቅ ሲቀርም ተጨማሪ ሙቀት ይወስዳል። ስለዚህ በከፍታ ላይ ውሃው እንደፈላ መፍሰስ አለበት፤ የሙቀቱ ጉድለት የሚካካሰውም ቡናውን ትንሽ በማላም ነው።

በተቃራኒው ያው ከረጢትና ያው ወፍጮ ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ ሲደርሱ በዚያው ቁጥር የተፈጨው ቡና መራርና ደረቅ ቢል አያስደንቅም። ከተሞቹ ከባሕር ወለል ብዙ ስለማይርቁ ውሃው በ100 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ሸካራ ማድረግ፣ ወይም ውሃውን ለጥቂት ጊዜ ማሳደር ያስተካክለዋል። ከአገር ቤት የመጣ ቡና «እዚህ ጣዕሙ ተለወጠ» ሲባል ብዙ ጊዜ ቡናው ሳይበላሽ የሚወቀስበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የውሃው ማዕድን መለያየትም ጣዕም ይለውጣል።

ኤስፕሬሶና ፍሬንች ፕሬስ

በኤስፕሬሶ ማሽን ላይ ሕጉ ያው ቢሆንም ትዕግሥቱ ያነሰ ነው። ማሽኑ በ9 ባር ገደማ ግፊት ውሃን በተጠቀጠቀ ቡና ውስጥ ያሳልፋል። የተለመደው መነሻ በ18 ግራም ቡና 36 ግራም ኤስፕሬሶ ከ25 እስከ 30 ሴኮንድ ባለው ጊዜ ማግኘት ነው። በ15 ሴኮንድ ወርዶ ካለቀ ቀለሙ የገረጣ፣ ጣዕሙ ኮምጣጣ ይሆናል፤ ማላም ነው። 45 ሴኮንድ እየተንጠባጠበ ከወሰደ ይመራል፤ ማሻከር ነው። በወረቀት ማጥለያ ላይ የማይታይ የወፍጮ ንክኪ እዚህ ብዙ ሴኮንዶችን ይለውጣል፤ ስለዚህ ቀለበቱ በጥቂት በጥቂቱ ይዞራል። ከዞረ በኋላ በወፍጮው ጉሮሮ ውስጥ በአሮጌው ልክ የተፈጨ ቡና ስለሚቀር የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ግራሞች ይጣላሉ። ይህን የዘነጋ ሰው ወፍጮውን አስተካክሎ ለውጥ ያጣል፣ ደግሞ ያዞራል፣ በሦስተኛው ስኒ ላይ ሁለቱም ለውጥ አንድ ላይ ሲመጣበት ይደናገራል። የአየሩ እርጥበትና የቡናው ዕድሜም ስለሚለዋወጡ ጠንቃቃ ቡና ቤት ወፍጮውን በየማለዳው የመጀመሪያውን ስኒ ቀምሶ ያስተካክላል።

ኤስፕሬሶ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ቡናው ኮመጠጠ፣ ላመ፤ አሁንም ኮመጠጠ፣ ደግሞ ላመ፤ በመጨረሻ ኮምጣጣም መራራም ሆኖ ቁጭ አለ። ከልክ በላይ የላመ ቡና ውሃውን እኩል አያሳልፍም፤ ውሃው በግፊት ደካማ ቦታ ፈልጎ ይቀድና በዚያ ቀዳዳ ይሮጣል። በቀዳዳው ዙሪያ ያለው ቡና እስከ መራራው ድረስ ይታጠባል፣ ሌላው በቅጡ ሳይነካ ይቀራል። የኦሪገን ዩኒቨርሲቲው ኬሚስት ክሪስቶፈር ሄንደን ከባልደረቦቹ ጋር በ2020 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ጥናት ይህንኑ አሳይቷል፤ ከአንድ ነጥብ በኋላ ማላም ከቡናው የሚወጣውን ከመጨመር ይልቅ ይቀንሰዋል፣ አንዱ ስኒም ከሌላው ጋር አይመሳሰልም። ምልክቱ ውሃው ከማጥለያው ስር በቀጫጭን ጅረት ወደ ጎን ሲረጭ፣ ከተወገደው ቡና ላይም ትናንሽ ቀዳዳ ሲታይ ነው። መፍትሔው ወደ ኋላ መመለስ ነው፤ ትንሽ አሻክሮ፣ ቡናውን አስተካክሎ በእኩል ጫና መጠቅጠቅ።

ፍሬንች ፕሬስ በአንጻሩ ለስሕተት ለጋስ ነው። ቡናው በውሃው ውስጥ ተቀምጦ ስለሚቆይ ልመቱ ጊዜውን አይለውጠውም፤ ውሃውም እየወፈረ ሲሄድ ተጨማሪ ማውጣቱ ይዘገያል። 30 ግራም ቡና በ500 ግራም ውሃ ለ4 ደቂቃ ዘፍዝፎ የኮመጠጠበት ሰው ወፍጮውን ከመንካቱ በፊት 6 ወይም 8 ደቂቃ ቢያቆየው ይሻላል። ማላሙ ቡናውን ያሻሽለዋል፤ ወንፊቱ ግን ደቃቁን ስለማይዘው ስኒው ይደፈርሳል፣ መጫኛውም አልወርድ ይላል። እዚህ መራራነት የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከዚሁ ደቃቅ ብናኝና ቡናው ተጭኖ ካበቃ በኋላ በአተላው ላይ ተኝቶ ከመቆየቱ ነው፤ እንዳለቀ ሙሉ በሙሉ ወደ ሌላ ዕቃ መገልበጥ ይገባል።

ወፍጮው ራሱ ጥፋተኛ ሲሆን

ኮምጣጣነትና መራራነት በአንድ ስኒ ላይ ሲገናኙ፣ ኤስፕሬሶም ካልሆነ፣ የሚጠረጠረው ወፍጮው ነው። በሚሽከረከር ቢላ የሚሠራው ርካሽ መፍጫ ቡናን ይከትፋል እንጂ በልክ አይፈጭም። ከአንድ እፍኝ ውስጥ ግማሹ ዱቄት፣ ግማሹ ፍንካች ሆኖ ይወጣል። ዱቄቱ ቶሎ ተሟጦ ይመራል፣ ፍንካቹ ሳይወጣ ይኮመጥጣል። በእንዲህ ዓይነቱ መፍጫ «ማላም» ማለት ዱቄቱን ማብዛት ብቻ ነው። በሁለት ጥርሶች መካከል ቡናውን ጨምቆ የሚፈጨው፣ የእጅም ይሁን የኤሌክትሪክ፣ ክፍተቱ ስለሚስተካከል ቅንጣቶቹ ይቀራረባሉ። ገንዘብ በውድ ማፍያና በወፍጮ መካከል የሚመረጥበት ከሆነ ወፍጮው ይቅደም። ቢላ ያለው መፍጫ ብቻ ያለው ሰው በአጭር በአጭሩ እያቆመ፣ በመካከሉም ዕቃውን እየነቀነቀ መፍጨት፣ ከዚያም ዱቄቱን በደቃቅ ወንፊት መለየት ይችላል። በሙቀጫ የሚወቅጥም እንዲሁ፤ ከላይ የቀረው እንደገና ይወቀጣል፣ የተጣራው ዱቄት ለጀበና ይቀመጣል።

አቆላሉም መነሻውን ይወስናል። ቀለል ተደርጎ የተቆላ ፍሬ ጠንካራና ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ ያለውን በቀላሉ አይሰጥም፤ ላም ያለ አፈጫጨትና የፈላ ውሃ ይፈልጋል። ጠቆር ያለው ተሰባሪና ቶሎ የሚሟሟ ስለሆነ አንድ ሁለት ደረጃ ሸካራ፣ ውሃውም ቀዝቀዝ ያለ ቢሆን ይመረጣል። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዞሩ ቁጥሩን እንዳለ መተው አይሆንም።

አፈጫጨት የማያድነውም ቡና አለ። ጥሬ ሳለ ከልክ በላይ የቦካ ቡና የኮምጣጤ ሽታው በየትኛውም ልመት ይከተላል። ውስጡ ሳይበስል ውጩ ብቻ የጠቆረ ቡና ገለባ ገለባ ይላል። ዘይቱ ገጹ ላይ ወጥቶ እስኪያብረቀርቅ ድረስ የተቆላ ቡና መራራነት የመጣው ከምጣዱ ነው፤ ሸካራ ማድረግ ትንሽ ያለዝበዋል፣ ከዚያ አያልፍም። ከተፈጨ ሳምንታትን ያስቆጠረ ቡናም መዓዛው በንኖ አልቋልና በማላም አይመለስም። በሁለቱም አቅጣጫ ሁለት ሁለት ደረጃ ተሞክሮ ጣዕሙ ካልተሻሻለ ወፍጮውን ማዞር ትቶ ቡናውን መቀየር ነው።